የማክሰኞው ስምሪት

ድርጅቱ ባለፈው ዓመት አማካሪ አስመጥቶ የሠራተኛውን ሁሉ የሥራ መጠሪያ አስቀይሮ ነበር። በር ጠባቂው «የመግቢያ ደህንነት ከፍተኛ ባለሙያ» ሆኑ፤ ዱላቸው ግን ያው ዱላ ነው። ሻይ የምታፈላው ሴትዮ «የውስጥ መስተንግዶ አስተባባሪ» ተባለች፤ ወሬው ደሞዟ ጋ ግን አልደረሰም። ሥራ አስኪያጁ ከዚያ ወዲህ ሰውን በመጠሪያው ካልሆነ በሌላ ማየት አቆሙ።

የዚህ አመል ጣጣ የተረፈው ለቅጥር ባለሙያዋ ነበር። ወጣት ናት፣ ትዕግስት የላትም፣ ክፍሉ ውስጥም ያለችው እሷው ብቻ ናት። የአሥራ አራቱን የዕቃ ማመላለሻ መኪናዎች የዕለት ጉዞ ይመድቡ የነበሩት ሽማግሌ ጡረታ ከወጡ ሁለት ወር አልፏል። ሁለቱን ወር ስምሪቱን የሚያወጡት ራሳቸው ሥራ አስኪያጁ ናቸው፤ ሹፌሮቹም ጠዋት ጠዋት ግቢው ውስጥ አንገታቸውን ሲነቀንቁ ይታያሉ።

ለቦታው አርባ አንድ ሰው አመለከተ። የመመዘኛው ቅጽ ከመቶ ነው፤ ከመቶው አርባው «ተመሳሳይ የሥራ መጠሪያ» ለሚል አንድ መስመር የተሰጠ ነው። በዚህ ወንፊት አንደኛ የወጣው ሰውዬ ስድስት ዓመት «የስምሪት ዋና ኃላፊ» ነበረ። ባለሙያዋ ቀድሞ የሠራበት ቦታ ደውላ ስትጠይቅ ድርጅቱ ሁለት መኪና እንዳለው፣ አንደኛዋም የባለቤቱ የቤት መኪና እንደሆነች ነገሯት። ማታ ይህን ለአባቷ ብትነግራቸው ከጋዜጣቸው ቀና ሳይሉ «ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ብለው ወደ ንባባቸው ተመለሱ።

ከወንፊቱ ሥር ከወደቁት መካከል አንዲት ምክትል ርዕሰ መምህርት ነበረች። በመጠሪያው መስመር ዜሮ። ትምህርት ቤቷ ሕንፃው ተሽጦ ተዘግቷል፤ ዘጠኝ ቦታ አመልክታ አንዱም ለቃለ መጠይቅ እንኳ አልጠራትም፤ ይቺ አሥረኛዋ ናት። ባለሙያዋ ወረቀቱን ልትጥለው ስትል አንድ ዓረፍተ ነገር እጇን ያዛት፦ «ሠላሳ ስምንት ክፍል፣ ስልሳ አንድ መምህር፣ አንድ ቤተ ሙከራ። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ማን እንደቀረ እሰማለሁ፤ ሁለት ሰዓት ላይ እያንዳንዱ ክፍል አስተማሪ አለው።» ይህን አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች።

ባለሙያዋ ወረቀቱን ይዛ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች።

«መምህርት?» አሉ ሥራ አስኪያጁ። «ሹፌሮቼን ፊደል ልታስቆጥርልኝ ነው?»

ባለሙያዋ ጡረታ የወጡት ሽማግሌ ጠዋት ምን ይሠሩ እንደነበር አንድ በአንድ ቆጠረችላቸው። የቀረውን ሰው መተካት፣ አንዱን ሰው ሁለት ቦታ አለመመደብ፣ ያኮረፈውን ማባበል፣ ሰዓት መጠበቅ። ከነዚህ ውስጥ መምህርቷ ያልሠራችው የትኛውን ነው?

«ስለ መኪናስ ምን ታውቃለች?»

«ምንም። ስለ ጭነት ልክም፣ ሹፌር ያለ ዕረፍት ስንት ሰዓት መንዳት እንደሚፈቀድለትም አታውቅም። እሱን በሁለት ሳምንት እናስተምራታለን። ያንን ሁሉ አንድ ገጽ ላይ ማስማማቱን ግን በሁለት ሳምንት የሚያስተምር ሰው እኛ ጋ የለም።»

ተከራክረው ተከራክረው በአንድ ነገር ተስማሙ፦ መምህርቷን ጨምሮ ለሦስት ተወዳዳሪዎች አንድ ዓይነት የተግባር ፈተና ይሰጥ፣ አራሚው የጻፈውን ሰው ስም አይይ። ሥራ አስኪያጁ እሺ ያሉት ስለተረቱ ሳይሆን ማን እንደሚያሸንፍ ስለማይጠራጠሩ ነው።

ባለሙያዋ ለፈተናው ያለፈውን ማክሰኞ መረጠች። ትክክለኛው የጭነት ዝርዝር፣ በዕለቱ ከሥራ የቀሩት ሹፌሮች ራሳቸው፤ የሹፌሮቹን ስም ብቻ በመኪናቸው ቁጥር ቀየረች። የማረሚያ ነጥቦቹንም ማንም እስክሪብቶ ሳያነሳ ጽፋ በፖስታ አሸገች። አንድ ሰው ሁለት ቦታ ተመድቧል? የሚበላሸው ዕቃ ቀድሟል? ጭነቱ ከመኪናው አቅም አልፏል? የማይደርሰው ዕቃ ተለይቶ ለባለቤቱ ተነግሯል?

ለፈተና ከተጠሩት ሦስት ሰዎች አንዱ በዚያው ጠዋት ሌላ ቦታ ተቀጥሬያለሁ ብሎ ደወለ። ባለማዕረጉ «ዋና ኃላፊ» በሃያ ደቂቃ ጨርሶ ወጣ። መምህርቷ የተፈቀደውን አርባ ደቂቃ ሙሉ ተጠቀመች፤ የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች ምንም ሳትጽፍ ዝርዝሩን ስታነብ አሳለፈች።

ፖስታውን ከፍተው ለማረም ሦስት ሆነው ተቀመጡ፤ ሦስተኛው የሹፌሮቹ አንጋፋ ነው። ፍሬን ይሉታል፤ ሰው ሲቸኩል ሁሌ ያዝ ስለሚያደርግ ነው። ሥራ አስኪያጁ «ሀ» የሚለውን ወረቀት አንስተው ፊታቸው በራ። ዕቃው ሁሉ ተመድቧል፣ የቀረ የለም፣ ሠንጠረዡ በማስመሪያ የተሰመረ ነው። ባለሙያ ማለት ይህ ነው፣ እኔም ብሆን የምሠራው እንዲሁ ነው አሉ።

«እሱስ እውነት ነው» አለ ፍሬን። መነጽሩን አድርጎ ወረቀቱን አስጠጋው። «ቁጥር ሰባት ሹፌር ሦስት ሰዓት ላይ ወተት ይዞ ሰሜን በር ነው። ቁጥር ሰባት ሹፌር ሦስት ሰዓት ላይ ሶፋ ይዞ ደቡብ መጋዘን ነው።»

«የጽሑፍ ስህተት ይሆናል።»

«አይደለም ጌታዬ። ቁጥር ሰባት እኔ ነኝ። ማክሰኞ ዕለት እርስዎም እንዲሁ ነው የመደቡኝ። ሶፋውን አደረስኩ፣ ወተቱ እርጎ ሆነ።»

ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛው ላይ የሌለ አቧራ ጠረጉ።

«ለ» ሠንጠረዡ የተንጋደደ ነበር። ወተቱ ቀድሞ ወጥቷል። ሶፋው ጭራሽ አልተመደበም፤ በጎኑ «ዛሬ አይደርስም። ደንበኛው ቤቱ ቁጭ ብሎ ሳይጠብቅ ከሁለት ሰዓት በፊት ይደወልለት» ይላል። ባለሙያዋ ወረቀቱ የማን እንደሆነ ብትገምትም ማድላት አላማራትም፤ ትንሿ መኪና ላይ ከአቅሟ በላይ ሲሚንቶ ተጭኗል፣ ነጥቡ ይቀነሳል አለች። ፍሬን ጣቱን ወረቀቱ ጥግ ላይ አሳረፈ። «የዚህችን መኪና አቅም አላውቅም፤ ከመጫኑ በፊት ይጠየቅ» ተብሎ ተጽፏል።

ነጥቡ ተቀነሰ። ተቀንሶም «ለ» በሰፊው በለጠች። ስሞቹ ሲገለጡ ሥራ አስኪያጁ የቅጥሩን ወረቀት ወደ ራሳቸው ሳቡ።

«ፊደል ታስቆጥረን እንግዲህ» አሉና ፈረሙ።

ባለሙያዋ ደወለች። ተቀጥረዋል፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ከፍሬን ጋር ሆነው የመኪናውን ነገር ይማራሉ፣ ሰኞ ይጀምራሉ አለቻት። ምስጋና ወይም ለቅሶ ይመጣል ብላ ባለሙያዋ ስልኩን ከጆሮዋ ራቅ አደረገችው፤ ሁለቱንም አትወድም።

«ያቺ ትንሿ መኪና» አለች መምህርቷ፣ «ስንት ነበር የምትጭነው? ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ነስታኛለች።»

«ሃያ አምስት ኩንታል።»

«አምስት ኩንታል አብዝቻለሁ ማለት ነው» አለች፤ ስትጽፈው ተሰማ።

መምህርቷ ሥራ በጀመረች በወሩ ግቢው ውስጥ የሹፌሮቹ አንገት መነቅነቅ ቆመ። ሥራ አስኪያጁም ከነገሩ ተማሩ፤ አዲስ ቅጽ አዘጋጅተው ለባለሙያዋ ላኩላት። «ተመሳሳይ የሥራ መጠሪያ» የሚለው መስመር ተሰርዟል። በቦታው «በመምህርነት የሠራ» ተብሎ ገብቷል፤ አርባ ነጥብ። በዚያው ቀን ለጋራዡ መካኒክነት ያመለከቱትን ሰዎች ስም ዝርዝር ይዛላቸው ገባች፤ ከላይ እስከ ታች አነበቡትና ቅር ብሏቸው መለሱላት።

«ምነው» አሉ፣ «አንድ እንኳ መምህር የለበትም?»