ደህና የተባሉት አሥራ አራት ፓምፖች

የውሃ ድርጅቱ የዓመት ሪፖርት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ለለጋሾቹ መላክ አለበት። ሪፖርት ጸሐፊዋ ግን ከጠዋት ጀምሮ አንድ ዐረፍተ ነገር ላይ ተቸክላለች፦ «የተከልናቸው አሥራ አራቱም የእጅ ፓምፖች አገልግሎት እየሰጡ ነው።» ትሰርዘዋለች፣ ትመልሰዋለች፤ ተነሥታ መስኮቱን ትከፍታለች፣ ትዘጋዋለች።

«ፈረንጇ፣ ወንበሩ እሾህ አበቀለ እንዴ?» አሉ ጋሽ ቧንቧ፣ የድርጅቱ የመስክ ቴክኒሻን። ባሕር ማዶ ተምራ ከተመለሰች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ቅጽል ስሙ ግን አልለቀቃትም።

«ጋሼ፣ ሁሉም እንደሚሠሩ በምን አወቅን?»

«ደውዬ ነዋ! መኪናው ተበላሽቶ በምን ልሂድ? ለየመንደሩ የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ‹ፓምፑ እንዴት ነው?› አልኩ፤ ‹ደህና ነው፣ ተመስገን› አሉኝ።»

እናቷ ትዝ አለቻት። አልጋ ይዛ እንኳ ስትጠየቅ «ደህና፣ ተመስገን» ነው መልሷ። ስልኩን አንሥታ ለአንዷ ሰብሳቢ ደወለች፤ ሁለቱም እንዲሰሙ ድምፅ ማጉያውን ከፈተች። ሰላምታው ተንዛዛ፤ ከብቱም ልጁም ተጠየቀ።

«እማማ፣ ዛሬ ጠዋት ውሃ ከየት ቀዱ?»

«ከወንዝ ነዋ፣ ልጄ።»

«ፓምፑስ?»

«እሱማ ዘንጉ ከተሰበረ ሦስት ወሩ።»

«ታዲያ ለጋሼ ለምን ‹ደህና ነው› አሏቸው?»

«ምን ላድርግ? ያን ያህል ለፍቶ ተክሎልን፣ በስልክ ክፉ ወሬ ላሰማው?»

ጋሽ ቧንቧ መነጽራቸውን አወለቁ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሁሉም ጋ ተደወለ፤ ዘጠኙ ይሠራሉ፣ አምስቱ ቆመዋል።

ሥራ አስኪያጁ ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ። «በገዛ እጃችን ቤታችን ላይ እሳት እንለኩስ? ‹የተገኙ ትምህርቶች› የሚለው ክፍል ላይ ‹መንገዱ አስቸግሮናል› በይና እለፊው።»

ጣቷ ቁልፎቹ ላይ ቀረ። ለጋሾቹ ካልቀጠሉ የጋሽ ቧንቧ ኮንትራት በወሩ መጨረሻ ያበቃል። እሷ የምትመለስበት አገር አላት፤ እሳቸውስ? በሰው እንጀራ እውነተኛ መሆን ቀላል ነው።

ጋሽ ቧንቧ ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ። «ጻፊ» አሏት። «የደወልኩት እኔ መሆኔንም አትርሺ።»

ጻፈች፦ «ከአሥራ አራቱ የሚሠሩት ዘጠኝ ናቸው። በስልክ ‹እንዴት ነው?› ብለን ጠየቅን፤ ሰዎቹም እንደ ጨዋ መለሱልን። ከእንግዲህ ጥያቄያችን ‹ዛሬ ከየት ቀዳችሁ?› ነው፤ በየሦስት ወሩም ሄደን እናያለን።» የሳቸውን ስም አላስገባችም።

ሥራ አስኪያጁ ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ማጅራታቸውን አከኩ። «ላኪው እንግዲህ። የመጣው ይምጣ።»

ላከችው። ወዲያው መልስ የሚመጣ ይመስል ስክሪኑ ላይ አፈጠጠች። ከኋላዋ ብረት ሲንኳኳ ዞር አለች፤ ጋሽ ቧንቧ መፍቻቸውን ቦርሳ ውስጥ እየከተቱ ነው።

«ወዴት ነው፣ ጋሼ?»

«ዘንግ ልቀይር። እስከ ወሩ መጨረሻ የናንተው ነኝ።»

«መኪናው እኮ አልተሠራም።»

«አውቶቡስ የለም?»

ኮምፒውተሩን ዘጋችና ጫማዋን መቀየር ጀመረች።