ያልተሞላው መስመር

እማማ ገበያነሽ እሳት ለብሰው እሳት ጎርሰው ነው ከጎረቤት የተመለሱት። ነጠላቸውን ወንበር ላይ ወርውረው የልጅ ልጃቸው ሄቨን ፊት ቆሙ።

«ምን ብትጽፊ ነው ያ መዝገቡ የተከራዩን የሜቲን ዕቃ ደጅ ያወጣው?»

ሄቨን ከስልኳ ቀና አለች። የቴሌግራም ቻናል አላት፤ አዲስ ሕግ በወጣ ቁጥር ለሰፈሩ ሰው በቀላል ቋንቋ ታስረዳበታለች። ሰሞኑን የቤት ኪራይ አዋጁ አከራዩንም ተከራዩንም ግራ ስላጋባ፣ በአጫጭር ተከታታይ መልእክቶች ልታብራራው ንድፍ ስትሠራ ነበር የሰነበተችው።

«እኔ እኮ ገና ምንም አልለጠፍኩም፣ እማዬ።»

«ይሄስ?» ስልካቸውን አፍንጫዋ ሥር ደቀኑት። የእድሩ ግሩፕ ላይ ሲዞር የደረሳቸው ፎቶ ነው።

*1. ተከራይ ለሁለት ዓመት ማስወጣት አይቻልም*
*2. ውል ወረዳ ይመዝገብ*
*3. ማስወጣት የሚቻለው መቼ ነው —*
*4. የባለቤቱ መብት —*

ከሦስትና ከአራት ፊት ለፊት ምንም የለም።

የሄቨን ፊት አመድ መሰለ። «ለራሴ የላክሁት መስሎኝ ቻናሉ ላይ ሄዶ ነበር። ወዲያው አጥፍቼዋለሁ።»

«አንቺ ብታጠፊው፣ ሰው ፎቶ አንስቶታላ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር። ተነሺ፣ ቅደሚ።»

ጎረቤት ግቢ ሲደርሱ ሜቲ አራስ ልጇን ታቅፋ መሐሉ ላይ ቆማለች። ፍራሹ ጀሪካን ላይ ተጋድሟል፤ ሰማዩ ከቤቴል በኩል ጠቁሯል። አከራይዋ አቶ መዝገቡ የብረት ድስት አንጠልጥሎ ከሰርቪሱ ወጣ።

«አስቀምጠው» አሉት እማማ ገበያነሽ።

«እትዬ፣ እርስዎን አከብራለሁ። በቤቴ ጉዳይ ግን አይግቡብኝ።»

«የአራስ ፍራሽ ዝናብ ላይ ጥለህ ነው እኔን የምታከብር?»

«ውሉን ወረዳ ከማስመዝገቤ በፊት ቤቴን ባዶ ላድርገው ብዬ ነው። ከተመዘገበ በኋላማ የሷ ሆነ ማለት ነው። የልጅዎ ልጅ ራሷ ጽፋዋለች፤ የባለቤቱ መብት ብላ ባዶ። ባዶ ማለት ምን ማለት ነው? የለህም ማለት ነው።»

«ኪራይ አሳልፌብህ አውቃለሁ?» አለች ሜቲ። «አንዲት ቀን?»

«አንቺን ማን ወቀሰሽ? ሕጉን ነው የፈራሁት።»

እማማ ገበያነሽ ቱግ አሉ። «ሕጉን ፈርተህ እሷ ላይ ጨከንክ። ጀግና።» ወደ ሄቨን ዞሩ። «አንብቢለት። አንድም ነገር እንዳታስቀሪ።»

ሄቨን አዋጁን ከስልኳ ከፈተች። «ጋሼ መዝገቡ፣ ቤቱ የእርስዎ ነው፤ ካርታው አይነካም። ሁለቱ ዓመት የኪራይ ውሉ ዕድሜ ነው። ኪራይ ካልከፈለች፣ ቤቱን ካበላሸች፣ ጎረቤት ካወከች ውሉን ማቋረጥ ይችላሉ። ሦስተኛው ላይ ሊገባ የነበረው ይሄ ነው። አዋጁ ደግሞ ሥራ ላይ ውሏል፤ ዛሬ ቢያስወጧት ከሕጉ አያመልጡም። ውሉን በጽሑፍ አድርገው በጊዜው ካላስመዘገቡም ቅጣት አለው።»

መዝገቡ ድስቱን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «ታዲያ ለምን ባዶ ተውሽው?»

«አንቀጹን አረጋግጬ ልሞላው ነበር።»

«አረጋግጬ» አሉ እማማ ገበያነሽ። «ማስፈራሪያውን ግን ሳታረጋግጪ ከላይ ጻፍሽ። በይ አሁን ጻፊ፤ እዚሁ ቆመሽ።»

ሄቨን መጻፍ ጀመረች። «ስለ አዋጁ ቁጥር ልጀምር?»

«ቁጥሩ መጨረሻ ይግባ፣ ማየት የፈለገ ይየው። መጀመሪያ የዞረው ፎቶ ያላለቀ ነው በይ። ቀጥለሽ፣ ቤትዎን ማንም አይወስድብዎትም፤ ተከራይዎንም በዚህ ምክንያት አያስወጡ። ሁሉንም አንድ ላይ ጻፊው፣ አትበታትኚው። እድሩ ግሩፕ ላይ የሚዞረው የመጀመሪያው መልእክት ብቻ ነው፤ ቀሪውን ማን ያየዋል?»

ሄቨን ጽፋ ቻናሉ ላይ ከለጠፈች በኋላ ለመዝገቡ አሳየችው። እሱም ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ፤ ደግሞ ከላይ ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ፍራሹ ላይ አረፉ። ድስቱን መሬት አስቀምጦ የፍራሹን አንድ ጫፍ አነሳ።

«ነገ ወረዳ አብረን እንሄዳለን» አላት ሜቲን፣ ሳያያት።

«ይቅርታ የሚባል ነገርስ አላስተማሩህም?» አሉ እማማ ገበያነሽ። እሱ ግን ፍራሹን እየጎተተ ገብቶ ነበር።

ሄቨንን አስከትለው ወደ ቤት ተመለሱ። በሩ ላይ ስልካቸው ጮኸ። ቤቴል ያለች የእህታቸው ልጅ ያንኑ ፎቶ ልካለች፤ *አክስቴ፣ እውነት ነው እንዴ? አከራያችን ዕቃ አውጡ እያለን ነው* ይላል።

እማማ ገበያነሽ ስልኩን ለሄቨን አቀበሏት።

«መልሺላት። ከሷም ቀጥሎ ለመጣው ሁሉ፣ አንድ በአንድ። እስክትጨርሺ እራት የለሽም።»