የአባቴ ማሽላ

ቤት ስደርስ እማዬ የአባቴን የማሽላ ዘር ከጎተራ አውጥታ እየለቀመች ነበር። ለመድረስ ረጅም ወራት የሚፈልግ፣ አገዳው የሚጣፍጥ ማሽላ ነው። አባቴ በሕይወት ሳለ እሱ ከፊት ሲያርም እኔ ከኋላ አገዳ እየሰረቅኩ እመጥጥ ነበር።

"ዘንድሮ እሱን ተይው" አልኳት። የምሠራው ግብርና ቢሮ ነው። ትንበያው ዝናቡ ዘግይቶ ገብቶ ቶሎ የመውጣት ዕድሉ ሰፊ ነው ይላል። "ቶሎ የሚደርሰውን ዝሪ።"

"ደመናውም እናንተ ቢሮ ፈርሞ ነው እንዴ የሚገባው?"

"እማዬ፣ ቀልዱን ተይው።"

"እሺ፣ እርግጠኛ ነሽ?"

"አይደለሁም። ዕድሉ ከአሥር ስድስት ነው።"

"አራቱስ?" ከዘሩ እፍኝ አነሳች። "ደግሞ ይሄ ካልተዘራ እስከ ከርሞ ነቀዝ ይጨርሰዋል። ከየት አመጣዋለሁ?"

ተናደድኩ፤ ጥያቄዋ ግን ትክክል ነበር። ቢሮ ውስጥ ስለ ዝናቡ እንጂ ስለ ዘሩ ማንም አልጠየቀኝም።

"ውሃ የሚያቁረው የታችኛው ጥግ ላይ የአባዬን ዝሪ" አልኳት። "እዚያ እርጥበቱ ስለሚቆይ ዝናቡ ቢያጥርም ለዘር የሚሆን አይጠፋም። ሌላውን ማሳ በሙሉ ቶሎ በሚደርሰው።"

እፍኙን መልሳ ዘሩ ላይ አፈሰሰችው። ከዚያ ለጥጉ የሚበቃውን በቁና ለይታ የቀረውን ለምግብ አስቀመጠች።

"አገዳውን ግን ሳይደርስ እንዳትነኪ" አለች። "አባትሽ ከፊት ሆኖ ስትሰርቂ እያየ ዝም ይልሽ ነበር። እኔ አልልም።"

ለካ ያየኝ ነበር።