መቶ አሥራ ሁለቱ ስላይድ ለአራት ሲካፈል

«መቶ አሥራ ሁለት ስላይድ ለአራት አከፋፈልኩላችሁ፤ የፈጀብኝ ሠላሳ ሰከንድ ነው። አመስግኑኝ።»

የነርሲንግ ተማሪዋ ሚኒስትሯ የፈሳሽ አሰጣጥ ፈተና ሲቃረብ ለጥናት ግሩፑ የላከችው መልእክት እንዲህ ብሎ ነው የሚጀምረው። ማንም ሳይሾማት ስለምታዝ የክፍሉ ልጆች ሚኒስትሯ አሏት። ስሙ የወጣው ለስድብ ነበር፤ እሷ ግን ሹመት አድርጋ ያዘችው። ሌሎቹን ሦስቱንም የምትጠራቸው በቅጽል ስማቸው ነው።

«ከ1 እስከ 28 እኔ። ከ29 እስከ 56 ረጅሙ። ከ57 እስከ 84 ዝምታ። ከ85 እስከ 112 እትዬ። ሐሙስ ስድስት ሰዓት፣ ላይብረሪው ምድር ቤት። ሁሉም የራሱን አንብቦ ለሌላው ያስተምራል። የሰው ድርሻ ማንበብ ጊዜ ማባከን ነው፤ እንተማመን።»

ረጅሙ አውራ ጣት ላከ። ዝምታ እንደ ልማዷ አይታ ዝም አለች። እትዬ ብቻ «ተባረኪ የኔ እህት፣ ጊዜ ቆጠብሽልኝ» ብላ ጻፈች።

በቁጥር ከሆነ ክፍፍሉ እኩል ነው፣ ሃያ ስምንት ሃያ ስምንት። የመጀመሪያዎቹ ሃያ ስምንት ግን ርዕስ፣ ትርጓሜና የደም ሥር ሥዕል ናቸው፤ የመጨረሻዎቹ ደግሞ ከላይ እስከ ታች ስሌት። ሚኒስትሯ ይህን አላየችም ማለት አይቻልም። አይታ ነው የፊተኛውን ለራሷ የያዘችው።

እትዬ ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። አሥራ አንድ ዓመት የሆስፒታል ወለል ስትወለውል ኖራ ነው ነርስነት ለመማር የገባችው፤ አሁንም ጠዋት ጠዋት ትወለውላለች። ይህን ፈተና አንዴ ወድቃዋለች። ሁለተኛ ከወደቀች ኮሌጁ ያሰናብታታል። አራቱም ይህን ያውቃሉ።

ሐሙስ እትዬ እጇ በረኪና በረኪና እየሸተተ መጣች። ሚኒስትሯ ሥዕሎቹን እያሳየች አርባ ደቂቃ አወራች፤ ጥሩ ታወራለች። ሃያ ስድስተኛው ስላይድ ላይ ስትደርስ ግን ሥዕል የለም፣ ደረቅ ጽሑፍ ነው።

«ይሄ ስለ ግሉኮስ ቱቦ ዓይነት ነው፣ ዝም ብሎ ወሬ ነው» ብላ አለፈችው።

የእትዬ ተራ ሲደርስ ጠመኔ አንስታ ሰሌዳው ላይ ጻፈች። ግሉኮሱ በደቂቃ ስንት ጠብታ ይውረድ ለማለት፣ የፈሳሹን ሚሊ ሊትር በጠብታ ቁጥሩ፣ ማለትም አንድ ሚሊ ሊትር በሚሞላው የጠብታ ብዛት፣ ታበዢና ለደቂቃው ታካፍያለሽ። ቀስ ብላ፣ ሦስት ጊዜ ደጋግማ አስረዳች። ዝምታ እንኳ አፏን ከፍታ «ገባኝ» አለች።

«አንድ ነገር ብቻ» አለች እትዬ። «የጠብታ ቁጥሩን ‹ክፍል አንድን ተመልከቱ› ነው የሚለኝ። ያንቺ ጋ ነው። ምሳሌው ላይ ሃያ ይላል፤ ሁሌ ሃያ ነው እንዴ?»

ሚኒስትሯ ወደ ኋላ መመለስ ታከታት። አላውቅም ማለትም አልሆነላትም።

«ሁሌ ሃያ ነው፣ እትዬ። ሃያ ብለሽ ያዢው።»

እትዬ ደብተሯ ላይ ሃያን ሁለቴ አሰመረችበት።

ፈተናው ላይ አምስት ነጥብ የያዘ ጥያቄ መጣ። ሁለት መቶ ሚሊ ሊትር ፈሳሽ በአራት ሰዓት፣ በሕፃናት ቀጭን ቱቦ፤ በደቂቃ ስንት ጠብታ? እትዬ አሥራ ሰባት ብላ ጻፈች። ሚኒስትሯም አሥራ ሰባት ብላ ጻፈች። የቀጭኑ ቱቦ ጠብታ ግን ስድሳው ነው አንድ ሚሊ ሊትር የሚሞላው። መልሱ ሃምሳ ነበር።

ውጤት ሲለጠፍ ሚኒስትሯ ስድሳ አንድ አገኘች፤ ሌሎቹን ስሌቶች እትዬ ሰሌዳ ላይ እንዳሳየቻት ሠርታቸው ነበር። ማለፊያው ሃምሳ ነው። እትዬ አርባ ስምንት አመጣች።

እዚያው ማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር፣ በቆመችበት፣ ሚኒስትሯ ያ የሕፃናት ቱቦ ጥያቄ ትዝ ብሏት ስልኳን አውጥታ ሃያ ስድስተኛውን ስላይድ ከፈተችው። ሁለት መስመር ነው። አንዱ ስለ ሃያ፣ አንዱ ስለ ስድሳ።

እትዬን የተማሪነት መታወቂያዋን ለማስረከብ ሬጅስትራር በር ላይ ተሰልፋ አገኘቻት። መታወቂያውን በአውራ ጣቷ እያሻሸች ነበር።

«እትዬ፣ እኔም እኮ ያንን የቱቦ ጥያቄ ስቼዋለሁ» አለች ሚኒስትሯ።

«አንቺ አልፈሻል።»

«ሆን ብዬ አይደለም እኮ። ይግባኝ እንጻፍ፣ እኔ እጽፍልሻለሁ፤ ታውቂኛለሽ፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር በሠላሳ ሰከንድ…»

ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። እትዬ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደች፤ ዞር ሳትል ነው የመለሰችላት።

«ሌላ ሠላሳ ሰከንድ ጨምረሽ ያንን ስላይድ ብታነቢው ኖሮ፣ እኔ ነገ ክፍል እገባ ነበር።»