የጓያው አንቀጽ

ፀሐይነሽ በሞጣ የጎልማሶች ትምህርት ማንበብ የጀመረችው ዘንድሮ ነው። መምህሯ ሰሎሜ ከአንድ ጥናት የወሰደችውን አንቀጽ ቀን ለምታስተምራቸው የዘጠነኛ ክፍል ልጆች አቅልላ ጽፋ፣ «እትዬ፣ የሚከብድ ቃል ካለበት ይንገሩኝ» ብላ ሰጠቻት።

ፀሐይነሽ በጣቷ እየተከተለች አነበበች፦ «ጓያ የበላ ሰው እግሩ ሽባ ይሆናል።»

ወረቀቱን ቀስ ብላ አስቀመጠችው። «ቃሉስ ቀላል ነው። እኔ ግን በጾሙ ለልጄ የጓያ ሽሮ ሠርቼላታለሁ። እግሯ ሊያዝብኝ ነው?»

«በየቀኑ ነው የበላችው?»

«ኧረ አይደለም፤ አልፎ አልፎ፣ ያውም ከአተር ቀይጬ።»

ሰሎሜ ጥናቱን ገልጣ አየችና ግንባሯን ያዘች። «እንዲህ አይልም። ‹የተራዘመ ፍጆታ›ና ‹ተጋላጭነት› ለልጆቹ ይከብዳሉ ብዬ ጣልኋቸው። ለካ ገለባውን ሳበጥር እህሉንም ደፍቼዋለሁ።»

ሰርዛ እንደገና ጻፈች፦ «ጓያን ለወራት ዋና ምግቡ ያደረገ ሰው እግሩ ሽባ ሊሆን ይችላል። በሁሉም ላይ ግን አይደርስም።»

ፀሐይነሽ ደጋግማ አነበበችው። ትንፋሿ መለስ ሲልላት እስክሪብቶዋን አወጣች።

«ምን ሊጽፉ ነው?»

«ልገለብጠው ነዋ። የፊተኛውን ዓይነት ወሬ ልጄ ከሰው ሰምታ እንደሆነ፣ ይህንን ራሴ አነብላታለሁ።»