የራውተሩ አስተዳዳሪ

አስተማሪዋ አዲሱን ቤት ከተከራየች ገና ሳምንቷ ነው። በኢንተርኔት የምትሰጠው ትምህርት በየአሥር ደቂቃው እየተቆራረጠ፣ ተማሪዎቿ አንድ በአንድ እየከዷት ነው። ሌላ ሰው ዋይፋዩን እየተጋራት መሆኑን ጠረጠረች፤ የይለፍ ቃሉን ለመቀየር ግን ወደ ራውተሩ መግባት አለባት። ምድር ቤት ለሚኖሩት አከራይዋ ጻፈች፦

«ጋሼ፣ እባክዎ የራውተሩን አስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ይላኩልኝ።»

«አስተዳዳሪው እኔ ነኝ» ብለው መለሱላት፤ «ስሜ ውሉ ላይ አለልሽ።»

ተነፈሰችና እንደገና ጻፈች፦ «እርስዎን አይደለም ጋሼ! የራውተሩን ቅንብር የሚከፍተውን ነው። ከጀርባው የተለጠፈውን ሞክሬ እምቢ አለኝ። የዋይፋዩን ቃል ልቀይር ብዬ ነው።»

ብዙም ሳይቆይ ደረጃው ላይ የነጠላ ጫማ ኮቴ ተሰማ፤ ጋሼ ስልካቸውን እንደያዙ በሩ ላይ ተገተሩ።

«ልጄ፣ እሱን ከቀየርሽብኝ መልእክትሽን በምን ላነብ ነው?»

ለመቆጣት እንኳ አቅም አጣች። «በማስተምርበት ሰዓት ፊልም አይክፈቱብኝ እንጂ፣ አዲሱንም ቃል እሰጥዎታለሁ።»

«እንዲያ ከሆነ ጥሩ።»

«አሁን የአስተዳዳሪውን ይንገሩኛ!»

«መጀመሪያውኑ ነገርኩሽ እኮ» አሉ ጋሼ ቅር ብሏቸው፤ «ስሜ ነው፤ ውሉ ላይ አለ።»