የረዘመው ጅማት

የተረከዜ ጅማት ተበጥሶ ከተሰፋ በኋላ፣ አሰልጣኜም የሆነው አባቴ በየማለዳው አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ውስጥ እግሬን ይዞ ጅማቱ እስኪወጠር ወደ ላይ ይገፋልኝ ነበር። «እንዳይደርቅብሽ ነው፣ ቻይው» ይለኛል።

ዛሬ የስፖርት ላብራቶሪ ወሰደኝ። አፍና አፍንጫዬን በጭንብል ሸፍነው መሮጫ ማሽን ላይ አስሮጡኝ። ባለሙያዋ ከስክሪኑ ቀና አለች።

«ፍጥነትሽ የድሮው ነው፤ የምትጨርሺው ኦክስጅን ግን በጣም ጨምሯል።»

«ባቷ እኮ ድንጋይ ነው!» አለ አባዬ።

«ጡንቻ ለሚያወጣው ኃይል ሁሉ ነዳጅ ያቃጥላል። ጅማት ግን እንደ ላስቲክ ነው፤ እግር ሲያርፍ ይለጠጣል፣ ሲነሳ አብዛኛውን ኃይል በነፃ ይመልሳል። ጡንቻው ብዙም ሳያጥር አጥብቆ ከያዘለት ወጪው ትንሽ ነው። የእሷ ጅማት ሲድን ረዝሟል። ልልነቱን ለመሰብሰብ ጡንቻው በየእርምጃው ብዙ ማጠር አለበት። አቅሟን የሚበላው እሱ ነው።»

«ይመለሳል?» አለ አባዬ።

«አይመስለኝም።»

«ምን አረዘመው?»

«ብዙ ጊዜ ስፌቱ ገና ሳይጠነክር ሲሳብ ነው።»

የአባዬን እጆች አየኋቸው።

«ክራንቹን ቶሎ ስለጣልኩ ነዋ!» አልኩ በቁጣ።

«አላልኩሽም? መቼ ሰው ትሰሚያለሽ!» ብሎ ጮኸብኝ። ኮሪደሩን ሙሉ ሲነተርከኝ ወጣን፤ እኔም ዝም ብዬ ተሰደብኩለት።

በሩ ጋ ስንደርስ የጫማዬ ክር ተፈቶ አየና እንደ ልማዱ ተንበርክኮ አሰረልኝ። ከዚያ ሁልጊዜ ተረከዜን ቸብ ያደርግ ነበር። ዛሬ እጁ እዚያ ሊደርስ ሲል ቆመ፤ እንደ ሌባ እጅ ቀስ ብሎ ኪሱ ገባ።